የ142 ገጽ ውል በአራት ገጽ፦ የመዘግየት ቅጣት፣ የሥራ ለውጥ፣ የክፍያ ሰርተፊኬትና አለመግባባት፤ ማጠቃለያዬን እዩልኝ

የቢሮ_መሐንዲሷ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የቢሮ መሐንዲስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ለአንድ የግል አሠሪ ምድር ቤት ያለው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ እየሠራን ነው። የውሉ ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 180 ሚሊዮን ብር፣ የማጠናቀቂያ ጊዜው 540 ቀን ነበር። ጊዜው ካለፈ ዛሬ 70 ቀን ሆነው። ባለፈው ሳምንት አሠሪው 12.6 ሚሊዮን ብር የመዘግየት ቅጣት ከሚቀጥለው ክፍያችን ላይ እንደሚቀንስ በደብዳቤ አሳወቀን።

ሥራ አስኪያጃችን ዓርብ ከአሠሪው ጋር ስብሰባ አለበት። ውሉን በአራት ጉዳዮች ላይ አጠቃልዬ እንድሰጠው አዞኛል። ጠቅላላ ሁኔታዎቹ የፊዲክ የ1999 እ.ኤ.አ. ቀይ ቅጽ ናቸው፤ ከኋላ 11 ገጽ ልዩ ሁኔታዎች ተያይዘዋል። ሁለት ሌሊት አንብቤ ይህን ጻፍኩ፦

የመዘግየት ቅጣት፦ በቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ፣ ጣሪያው 10 በመቶ።
የሥራ ለውጥ፦ መሐንዲሱ ለውጥ ማዘዝ ይችላል። ተቋራጩ በ28 ቀን ውስጥ ጥያቄ ያቀርባል።
የክፍያ ሰርተፊኬት፦ መሐንዲሱ በ28 ቀን ያወጣል፣ አሠሪው በ56 ቀን ይከፍላል።
አለመግባባት፦ መጀመሪያ የውሳኔ ቦርድ፣ ከዚያ በስምምነት፣ ካልሆነ በግልግል ዳኝነት።

ስሌቱንም ሠርቼ አይቻለሁ። የ180 ሚሊዮን 0.1 በመቶ በቀን 180 ሺህ ብር ነው፤ በ70 ቀን 12.6 ሚሊዮን ይሆናል። የአሠሪው ቁጥር ትክክል መሰለኝ። ማጠቃለያው ለስብሰባው ይበቃል ትላላችሁ?

---

ነባሩ_ውል_አስተዳዳሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

እህቴ፣ የጻፍሽው ነገር በአብዛኛው ውሉ ውስጥ አለ። ነገር ግን ይህን ወረቀት ይዞ ስብሰባ የሚገባ ሰው 12.6 ሚሊዮኑን አምኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

«በ28 ቀን ውስጥ» ብለሻል። ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ጥያቄው ለማን ይቀርባል? 28ኛው ቀን ቢያልፍ ምን ይሆናል? የውል ማጠቃለያ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። እኔ እያንዳንዱን መስመር የምጽፈው ማን፣ ለማን፣ በምን ዓይነት ጽሑፍ፣ ከምን ቀን ጀምሮ በስንት ቀን፣ ባያደርገውስ ምን ያጣል የሚለው እስኪሟላ ድረስ ነው። አንዱ ከጎደለ መስመሩን አልዘጋውም።

ሌላው፣ ልዩ ሁኔታዎቹን ከጠቅላላው በኋላ ያነበብሻቸው ይመስለኛል። በተቃራኒው ነው መጀመር ያለብሽ። በዚህ ቅጽ የሰነዶቹ ቅደም ተከተል በአንቀጽ 1.5 ተቀምጧል፤ የውል ስምምነቱ፣ የአሸናፊነት ደብዳቤው፣ የዋጋ ማቅረቢያው፣ ቀጥሎ ልዩ ሁኔታዎቹ፣ ከእነርሱ በኋላ ነው ጠቅላላ ሁኔታዎቹ የሚመጡት። እነዚያ 11 ገጾች ከ142ቱ ውስጥ ለአንቺ አሠሪና ለአንቺ ሕንፃ ተብለው የተጻፉት ብቻ ናቸው። አንድ መስመር ተጽፎባቸው ጠቅላላው አንቀጽ ሊሻር ይችላል። እስኪ ስለ ክፍያና ስለ አለመግባባት ምን እንደሚሉ ቃል በቃል አይተሽ ንገሪን።

ደግሞ ሦስት ነገር መልሽልኝ። አሠሪው ከሕንፃው ውስጥ የተረከበው ክፍል አለ? የጊዜ ማራዘሚያ ጠይቃችሁ ነበር? ቅጣቱን ሲያሳውቅ ደብዳቤው መሐንዲሱን አልፎ ነው በቀጥታ የመጣው?

---

ጠበቃው_ከሜክሲኮ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ጉዳዩ ከሕግ አንጻር ቀላል ነው። አሠሪው በመዘግየቱ የደረሰበትን ጉዳት በማስረጃ ካላረጋገጠ ቅጣት ሊጠይቅ አይችልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያም መስጠት አለበት። ግልግል ዳኝነት የሚለውን ደግሞ ከማጠቃለያሽ አውጪው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 315 መሠረት የግንባታ ውል በግልግል አይታይም።

---

ነባሩ_ውል_አስተዳዳሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ወንድሜ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው አንቀጽ 1772ን መጥቀስዎ ተገቢ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን መስተካከል አለባቸው፤ ልጅቷ እንዳለ ጽፋ እንዳትወስዳቸው።

ተዋዋዮች የቅጣቱን መጠን አስቀድመው በውል የሚቆርጡት የጉዳት ማስረጃ ክርክርን ለማስቀረት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1889 ጀምሮ ይህን ዓይነት ስምምነት ተቀብሎታል። አሠሪው ኪራይ አጣሁ ብሎ ደረሰኝ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። ክርክሩ ያለው ስንት ቀን ዘገየ፣ የመዘግየቱ ምክንያት የማን ነው፣ ስሌቱስ በየትኛው ዋጋ ላይ ነው በሚለው ላይ ነው።

አንቀጽ 315 ያነሳ የነበረው የአስተዳደር ውሎችን ነው፤ አሁን ደግሞ የግልግልን ጉዳይ የሚገዛው በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ነው። የእርሷ አሠሪ የግል ነው። ስለዚህ የግልግል ስምምነቱ በማጠቃለያው ውስጥ መቆየት አለበት።

---

ጠበቃው_ከሜክሲኮ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:52

አሠሪው የግል መሆኑን ሳላስተውል አልፌዋለሁ፤ እቀበላለሁ። ስለ ጉዳት ማስረጃው ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ሥራው በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ቅጣቱ እንዲቀነስ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ይህ በማጠቃለያው ግርጌ ቢጻፍ አይጎዳም።

---

ቤት_እየሠራሁ_ነው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ይቅርታ፣ እኔ አያት አካባቢ ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤት እያሠራሁ ነው። ከተቋራጩ ጋር የተፈራረምነው ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። «በስድስት ወር ያስረክባል» ይላል፤ አሁን አሥር ወር ሆነ። እኔም በቀን 0.1 በመቶ ልቀጣው እችላለሁ ማለት ነው? ናሙና ውል ያላችሁ ብትልኩልኝ።

---

የሳይት_ሰው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

እህቴ፣ 0.1 በመቶ የሚለው የእርሷ ውል ላይ ስለተጻፈ እንጂ በራሱ የሚሠራ አይደለም። ያንቺ ወረቀት ላይ የቅጣት መጠን ካልተቆረጠ ጠበቃው ከላይ ያሉት ማስጠንቀቂያና የጉዳት ማስረጃ ያንቺን ጉዳይ ነው በደንብ የሚመለከተው። ናሙና ውሉን በሌላ ርዕስ ብትጠይቂ ይሻላል።

ለባለ ጥያቄዋ፦ ማጠቃለያሽ የሥራ ለውጥን በአንድ መስመር አልፎታል። ሳይት ላይ ለውጥ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በደብዳቤ አይደለም። ተቆጣጣሪው ይመጣና «ይህን ግድግዳ አፍርሳችሁ ወዲያ ውሰዱት» ይላል፤ ፎርማኑ ያፈርሳል። በዚህ ቅጽ አንቀጽ 3.3 የቃል ትዕዛዝን ይመለከታል። ተቋራጩ የታዘዘውን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለመሐንዲሱ ያረጋግጣል፤ መሐንዲሱ ደግሞ ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ወይም ሌላ ትዕዛዝ ካልሰጠ የተቋራጩ ደብዳቤ እንደ መሐንዲሱ የጽሑፍ ትዕዛዝ ይቆጠራል። እኛ ይህን በአንድ ገጽ አትመን በየሳይት ቢሮው በር ላይ ለጥፈነዋል። ይህ መስመር ያልገባበት ማጠቃለያ ለሳይት መሐንዲስ አይረባም።

---

የቢሮ_መሐንዲሷ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ልዩ ሁኔታዎቹን በምሳ ሰዓት ከመጀመሪያው አነበብኳቸው። አፈርኩም፣ ደነገጥኩም።

ክፍያን በተመለከተ «አሠሪው ሰርተፊኬቱ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል» ይላል። እኔ 56 ቀን ብዬ ነበር። አለመግባባትን በተመለከተ የውሳኔ ቦርድ የሚለው ተሰርዟል። በምትኩ አንዱ ወገን ለሌላው አለመግባባት መኖሩን በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ለድርድር፣ ካልተስማሙ አዲስ አበባ ላይ ግልግል ዳኝነት ይላል። ቦርድ ያልኩት ከጠቅላላው ገልብጬ ነው። የቅጣቱ መጠንና ጣሪያ አልተነካም።

ለሦስቱ ጥያቄዎችዎ፦
አዎ፣ ከ40 ቀን በፊት አሠሪው ምድር ቤቱን፣ ምድር ወለሉንና አንደኛ ፎቁን ተረክቦ ለአንድ ባንክ አከራይቷል። የርክክብ ሰርተፊኬት አለ። በሥራ ዝርዝሩ መሠረት የዚህ ክፍል ዋጋ 63 ሚሊዮን ብር ነው።
የጊዜ ማራዘሚያ 24 ቀን ጠይቀን ነበር። ባንኩ ምድር ወለል ላይ የካዝና ክፍል እንዲጨመር ስለፈለገ 40 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ግድግዳ ታዘዝን። መሐንዲሱ «ማስታወቂያው ከጊዜው በኋላ ነው የደረሰው» ብሎ ማራዘሚያውን አልፈቀደም።
የቅጣቱ ደብዳቤ ከአሠሪው በቀጥታ ነው የመጣው። መሐንዲሱ ስለ ቅጣቱ የጻፈው ነገር የለም።

---

ነባሩ_ውል_አስተዳዳሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

አታፍሪ። አንቺ በምሳ ሰዓት አገኘሽው፤ ስብሰባ ላይ አሠሪው ቢያገኘው ነበር የሚያሳፍረው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። አንቀጽ 10.2 ከሥራው ከፊሉ ርክክብ ከተደረገ ከዚያ በኋላ ያለው የቀን ቅጣት በተረከበው ክፍል ዋጋ ልክ ይቀንሳል ይላል። 63 ሚሊዮን ከ180 ሚሊዮን 35 በመቶ ነው። ስለዚህ ከርክክቡ ወዲህ የቀኑ ቅጣት ከ180 ሺህ ወደ 117 ሺህ ብር ይወርዳል። ከ70ው ቀን 30ው ከርክክቡ በፊት ነው፤ 5.4 ሚሊዮን ብር። 40ው ከርክክቡ በኋላ ነው፤ 4.68 ሚሊዮን። ድምሩ 10.08 ሚሊዮን ይሆናል። ማንንም ሳትለምኑ፣ ውሉን በማንበብ ብቻ ከ12.6 ሚሊዮኑ ላይ 2.52 ሚሊዮን ወረደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚቀንሰው የቀኑ መጠን ነው፤ ጣሪያው አይቀንስም። ጣሪያው ያው 18 ሚሊዮን ነው። በማጠቃለያሽ ሁለቱን ለይተሽ ጻፊ፤ አለበለዚያ ሥራ አስኪያጅሽ ስብሰባ ላይ «ጣሪያውም በ35 በመቶ ይወርዳል» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ያኔ ትክክለኛው ነጥብም አብሮ ይናቃል።

ቀጥሎ የ24 ቀኑ ማራዘሚያ። ቢፈቀድ የማጠናቀቂያው ቀን በ24 ቀን ወደፊት ይገፋል፤ መዘግየቱ 46 ቀን ይሆናል። ልብ በይ፣ 24ቱ ቀን የሚወጣው በሙሉ መጠን ከሚቆጠሩት ከመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ላይ ነው። ስለዚህ 6 ቀን በ180 ሺህ፣ 40 ቀን በ117 ሺህ፤ ድምር 5.76 ሚሊዮን። ስብሰባው ላይ የሚያከራክረው እንግዲህ በ10.08 እና በ5.76 ሚሊዮን መካከል ያለው ገንዘብ ነው። እርሱም በሙሉ የሚንጠለጠለው አንድ ደብዳቤ መቼ ደረሰ በሚለው ላይ ነው።

ደብዳቤዎቹ በየትኛው ቀን ገቡ፣ በየትኛው ቀን ወጡ? በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለውን ቀን ሳይሆን በመዝገብ ቤት ማኅተሙ ላይ ያለውን ነው የምፈልገው።

---

ተቆጣጣሪ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

በአማካሪ ድርጅት ውስጥ የምሠራ ነኝ፤ ከሌላኛው ወገን አንድ ነገር ልበል። ስለ ክፍያ ሰርተፊኬት «መሐንዲሱ በ28 ቀን ያወጣል» ተብሎ ሲጻፍ ተቋራጮች የሚቆጥሩት ወረቀቱን ካስገቡበት ቀን ነው። ውሉ ግን የክፍያ ጥያቄውና ደጋፊ ሰነዶቹ ከደረሱ በኋላ ይላል። የልኬት ወረቀት ሳይፈረምበት፣ የብረት ዝርዝሩ ሳይያያዝ ይመጣና ከወር በኋላ «ዘገያችሁ» ይባላል። ማጠቃለያው ላይ ከእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ጋር የሚያያዙት ሰነዶች በስም ይጻፉ።

---

የሳይት_ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ይህ እውነት ነው፤ ግን እናንተም ጎደለ የምትሉትን በመጀመሪያው ሳምንት ንገሩን። በ26ኛው ቀን «አንድ ወረቀት ጎድሏል» ተብሎ ሙሉው ጥያቄ ተመልሶልን ያውቃል። ያኔ የሠራተኛ ደመወዝ የከፈልነው ከሌላ ሳይት ተበድረን ነው።

---

ተቆጣጣሪ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

ያ ትክክል አልነበረም። ያልተሟላውን ክፍል አውጥቶ ለተሟላው ሰርተፊኬት መስጠት ይቻላል። አንድ ሰርተፊኬት ላይ የተሳሳተ ነገር ቢኖር መሐንዲሱ በሚቀጥለው ማረም ስለሚችል ሙሉውን ማቆየት አስፈላጊ አይደለም።

---

የአሉሚኒየም_ሥራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

እኔ ንዑስ ተቋራጭ ነኝ። የመስኮትና የበር ሥራ እሠራለሁ። ዋናው ተቋራጭ «አሠሪው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል ቃል አስፈርሞኛል። አሁን አሠሪው ቅጣት ቀነሰብኝ ብሎ ከእኔ ክፍያ ላይም ቆረጠ። መስኮቶቹን በጊዜው ገጥሜ ጨርሻለሁ፤ የተፈረመ ርክክብ አለኝ። የዋናው ውል ቅጣት ለእኔ ይተርፋል?

---

ነባሩ_ውል_አስተዳዳሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:35

ወንድሜ፣ ያንተን ንዑስ ውል ሳላይ ልመልስልህ አልችልም። ክፍያህ መቼ ይከፈላል የሚለውና በማን ጥፋት ትቀጣለህ የሚለው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚለው ቃል ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል እንጂ አንተ ላልዘገየኸው ቀን ቅጣት እንዲቆረጥብህ በራሱ አይፈቅድም። የተፈረመውን ርክክብ ቅጂ አያይዘህ ስለ ተቆረጠው ገንዘብ ብቻ የሚናገር ደብዳቤ አስገባ፤ ቀኑንም አስፈርም።

---

የቢሮ_መሐንዲሷ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:50

መዝገብ ቤት ገብቼ ሁለቱንም መዝገቦች አየሁ። የካዝና ክፍሉ ትዕዛዝ ደብዳቤ ራስጌው ላይ ነሐሴ 12፣ 2016 ይላል። ገቢ መዝገባችን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነሐሴ 14 ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተሙም ያንኑ ቀን ይላል። የእኛ ማስታወቂያ ለመሐንዲሱ የደረሰው መስከረም 10፣ 2017 ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤውን ያዘጋጀው ባልደረባዬ በህዳጉ ላይ በእርሳስ «16 + 12 = 28፣ እስከ መስከረም 12» ብሎ አስልቷል። ከነሐሴ 14 በኋላ ያሉትን የነሐሴ 16 ቀኖች ቆጥሮ 12 ቀን ከመስከረም ጨምሯል።

ጳጉሜን ረስቷል።

---

ነባሩ_ውል_አስተዳዳሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

ረስቷል። በዚህ ውል «ቀን» ማለት የካሌንደር ቀን ነው፤ ጳጉሜንም፣ እሑድም፣ በዓልም ይቆጠራል። ከነሐሴ 15 እስከ 30 አሥራ ስድስት ቀን፣ ጳጉሜን በ2016 አምስት ቀን ስለነበረች ሃያ አንድ፣ ሰባት ቀን ከመስከረም። 28ኛው ቀን መስከረም 7 ነበር። ማስታወቂያችሁ ሦስት ቀን ዘግይቷል። አንቀጽ 20.1 ደግሞ ማስታወቂያው በ28 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ የማጠናቀቂያው ጊዜ አይራዘምም፣ ተጨማሪ ክፍያም አይገባም ይላል። 24 ቀን፣ 4.32 ሚሊዮን ብር፣ በአምስቷ የጳጉሜን ቀን።

ለወደፊቱ በማጠቃለያሽ ላይ «28 ቀን» ብለሽ ብቻ አትተይው። ትዕዛዝ በገባ ቁጥር የመጨረሻውን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው።

ግን ነገሩ ገና አልተዘጋም። 20.1 የ28 ቀኑን ቆጠራ የሚጀምረው ተቋራጩ የጥያቄውን ምክንያት ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ነው። ትዕዛዙ የደረሰበት ቀን ነው ወይስ ትዕዛዙ ሥራውን እንደሚያዘገይ የታወቀበት? የሳይት መዝገቡ ላይ የምድር ወለሉ ብረት ሥራ የቆመው መቼ ነው?

---

የቢሮ_መሐንዲሷ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

ነሐሴ 21። መዝገቡ «የካዝናው ግድግዳ ዝርዝር ንድፍ ስላልደረሰ የብረት ሠራተኞች ወደ ሰሜን ክፍል ተዛውረዋል» ይላል፤ ተቆጣጣሪውም ፈርሞበታል። ከዚያ ቀን ብንቆጥር 28ኛው ቀን መስከረም 14 ይሆናል፤ ማስታወቂያችን በጊዜው ነው ማለት ነው።

---

ተቆጣጣሪ_ነኝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:15

እኔ በመሐንዲሱ ቦታ ብሆን አልቀበለውም። 40 ሴንቲሜትር የኮንክሪት ግድግዳ ሲጨመር ጊዜ እንደሚፈጅ ልምድ ያለው ተቋራጭ ደብዳቤውን ባነበበ ዕለት ያውቃል። ውሉም «ማወቅ ከነበረበት» ያለው ለዚህ ነው።

---

የሳይት_ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:30

ሥራ እንደሚጨመር ማወቅና ሥራ እንደሚቆም ማወቅ አንድ አይደለም። ንድፉ በሁለት ቀን ቢመጣ ኖሮ ብረቱ አይቆምም ነበር። ያዘገየው የንድፉ አለመምጣት ከሆነ እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ክስተት ነው።

---

ነባሩ_ውል_አስተዳዳሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:40

ሁለቱም ክርክር ይቆማል። የትኛው እንደሚያሸንፍ ልነግርሽ አልችልም፤ ገላጋይ ዳኛው ምን ያህል ጥብቅ ነው በሚለው ላይ ይወሰናል። ስለዚህ በማጠቃለያሽ ላይ «ማራዘሚያ ይገባናል» ብለሽ አትጻፊ። «ቆጠራው ከነሐሴ 14 ከሆነ ሦስት ቀን ዘግይተናል፤ ከነሐሴ 21 ከሆነ በጊዜው ነን፤ የሁለተኛው ማስረጃ የተፈረመበት የሳይት መዝገብ ነው» በይ። ሥራ አስኪያጅሽ ደካማ ቦታውን አውቆ ይግባ።

የካዝናው ግድግዳ ዋጋ ላይም ተዘጋጂ። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለው የኮንክሪት ነጠላ ዋጋ ለ20 ሴንቲሜትር ግድግዳ ከሆነና የካዝናው ብረት እጅግ የጠበቀ ከሆነ፣ ሥራው ተመሳሳይ ባሕርይ የለውም ብላችሁ በአንቀጽ 12.3 አዲስ ዋጋ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ይህ ግን የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ከጊዜው ጋር አታደባልቂው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ዓርብ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። የቅጣቱ አንቀጽ 8.7 ራሱ ቅጣቱ የሚከፈለው «በአንቀጽ 2.5 መሠረት» ነው ይላል። 2.5 ደግሞ አሠሪው ገንዘብ ይገባኛል ሲል ምክንያቱንና ዝርዝሩን አሳውቆ፣ መሐንዲሱ ሁለቱን ወገን ካማከረ በኋላ መጠኑን ሲወስን ነው የሚቀነሰው ይላል። መሐንዲሱ ስለ ቅጣቱ ምንም እንዳልጻፈ ነግረሽናል። እንግዲያስ አሠሪው ዛሬ 12.6 ሚሊዮንም፣ 10.08 ሚሊዮንም፣ አንድ ብርም በራሱ ሥልጣን ከክፍያችሁ ላይ መቀነስ አይችልም። ልዩ ሁኔታዎቹ 2.5ን ነክተውት እንደሆነ ግን አጣሪ።

---

የቢሮ_መሐንዲሷ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:00

አልነኩትም። ሦስት ጊዜ አየሁ።

ማጠቃለያውን እንደገና ጽፌዋለሁ። የቅጣቱ ክፍል አሁን ሁለት ገጽ ሆነ፤ የአለመግባባቱ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን የአንቀጹን ቁጥርና የገቢ ወይም የወጪ ደብዳቤውን ቁጥር አስቀምጫለሁ። ጠበቃው ያሉትን ቅጣት የሚቀነስበትን መንገድም ግርጌ ላይ ጨምሬያለሁ፤ «የሕግ ባለሙያ ይጠየቅበት» የሚል ምልክት አድርጌበታለሁ።

---

የቢሮ_መሐንዲሷ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:20

ስብሰባው ትናንት ሦስት ሰዓት ፈጀ። አሠሪው የከፊል ርክክቡን ስሌት እዚያው በካልኩሌተር ሠርቶ ተቀበለ፤ 10.08 ሚሊዮን ላይ ወረደ። ከክፍያ ሰርተፊኬቱ ላይ ግን መሐንዲሱ እስኪወስን ድረስ ምንም እንደማይቀነስ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። የ24ቱን ቀን ማራዘሚያ አልተቀበሉም። መሐንዲሱ እዚህ ተቆጣጣሪው ያሉትን ራሱን ተናገረ፤ «ደብዳቤውን ባነበባችሁ ዕለት ታውቁት ነበር» አለ።

ሥራ አስኪያጄ አለመግባባት መኖሩን የሚያሳውቀውን ደብዳቤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ላከ። እኔው ራሴ ወስጄ አስፈረምኩ። የ30 ቀኑን የመጨረሻ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

---

የሳይት_ሰው | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:45

ንድፉ መጨረሻ ላይ በየትኛው ቀን ነው የደረሳችሁ? የንድፍ መቀበያ ቅጹን ፈልጊ። ተቆጣጣሪው የፈረመበት ቀን እዚያ ላይ ካለ የነሐሴ 21ዱ ክርክር የሚቆመው በእርሱ ነው።

---

የቢሮ_መሐንዲሷ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5:10

ቅጹ ሳይት ቢሮ ነው። ሰኞ ጠዋት ሄጄ አወጣዋለሁ።